ጀርመንኛ ስንማር ዳቲቭ ላይ የምንሠራቸው ስህተቶች

ጀማሪዎች «ዴር፣ ዴን፣ ዴም፣ ዴስ» እያሉ የአርቲክሉን ሰንጠረዥ እንደ ውዳሴ ማርያም ይወጡታል፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ሲባሉ ግን ይሳሳታሉ። ችግሩ ሰንጠረዡ አይደለም። ከአማርኛ ይዘውት የሚመጡት ልማድ ነው።

«ን»ን ሁሉ አኩዛቲቭ፣ «ለ»ን ሁሉ ዳቲቭ ማድረግ። ይህን በየዙሩ አርሜ ሰልችቶኛል። ልማዱ የሚያታልለው መጀመሪያ ላይ ስለሚሠራ ነው። «ለሴትዮዋ ፖሙን እሰጣታለሁ» የሚለው «ኢሕ ጌበ ዴር ፍራው ዴን አፕፈል» ይሆናል። ተቀባይዋ በዳቲቭ «ዴር»፣ የሚሰጠው ነገር በአኩዛቲቭ «ዴን» ሆነ፤ «ለ» እና «ን»ም በየቦታቸው ገጠሙ። ተማሪው ደስ ብሎት ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በማግስቱ «ሰውየውን እረዳዋለሁ» በሉ ስላቸው ክፍሉ በአንድ ድምፅ «ኢሕ ሄልፈ ዴን ማን» ይላል። ስህተት ነው፤ «ሄልፈን» የሚፈልገው ዳቲቭ ስለሆነ «ዴም ማን» መባል አለበት። ማመስገንና መከተልም፣ ማለትም «ዳንከን» እና «ፎልገን»፣ እንደዚሁ ናቸው፤ በአማርኛ «ን» ይወስዳሉ፣ በጀርመንኛ ዳቲቭ። ተቃራኒውም አለ። እኛ ለአባታችን እንደውላለን፤ «አንሩፈን» ግን አኩዛቲቭ ስለሚወስድ «ኢሕ ሩፈ ዴን ፋተር አን» ነው እንጂ «ዴም ፋተር» አይደለም። ስለዚህ ግሱን ብቻውን አትያዙ። «ሂልፍ ሚር» (እርዳኝ)፣ «ሩፍ ሚሕ አን» (ደውልልኝ) እያላችሁ ከነተውላጠ ስሙ ያዙት፤ «ሚር» ዳቲቭ፣ «ሚሕ» አኩዛቲቭ መሆኑን ጆሯችሁ ያስታውሳችኋል።

«ዴር»ን ባዩ ቁጥር ወንድ ነው ማለት። አንዲት ጎበዝ ተማሪዬ በፈተና ላይ «ሚት ዴር ፍራው» ብላ በትክክል ጻፈች። ቆየት ብላ ሰረዘችና «ሚት ዲ ፍራው» አደረገችው። ለምን ብዬ ስጠይቃት፣ «ሴት ናትና ዴር ልትሆን አትችልም» አለችኝ። የሴቴ ጾታ አርቲክል በኖሚናቲቭና በአኩዛቲቭ «ዲ» ነው፤ በዳቲቭና በጌኒቲቭ «ዴር» ይሆናል። ከ«ሚት» በኋላ ሁልጊዜ ዳቲቭ ስለሚመጣ የመጀመሪያው መልሷ ልክ ነበር። ጾታን ከኖሚናቲቩ እንጂ ከሌላ ቦታ አትገምቱ።

አኩዛቲቭ ላይ ሁሉንም አርቲክል መቀየር። የሚቀየረው የተባዕቱ ነጠላ ብቻ ነው፤ «ዲ» እና «ዳስ» እንዳሉ ይቀራሉ።

ጌኒቲቭ ላይ ጊዜ መፍጀት። ጀርመኖቹ ራሳቸው በንግግር ብዙ ጊዜ «ፎን» ብለው በዳቲቭ ይተኩታል።

የብዙ ቁጥር ዳቲቭን መርሳት። አርቲክሉ «ዴን» ነው፣ ስሙም ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ «ን» ይጨምራል፤ «ሚት ዴን ኪንደርን» (ከልጆቹ ጋር)። ያቺ የመጨረሻዋ «ን» በተማሪዎቼ ደብተር ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ የለችም።