ጣሪያው ሲያፈስ መድን ድርጅቱ የሚጠይቀው

"ቤቱ እኮ መድን አለው" ለሚሉኝ በውጭ አገር ለሚኖሩ ወገኖች የምመልሰው አንድ ጥያቄ ነው፤ ጣሪያውን ለመጨረሻ ጊዜ ያየው ማን ነው? "ወንድሜ አለ" ይሉኛል። ወንድም መኖሩ ግን ጣሪያ ላይ ወጥቷል ማለት አይደለም።

መድን የሚገባው ለድንገተኛ አደጋ ነው፦ ለእሳት፣ ለመብረቅ፣ ተጨማሪ አረቦን ከተከፈለበትም ለዐውሎ ነፋስ። እርጅና፣ ዝገትና ቀስ በቀስ የሚደርስ ብልሽት አብዛኛውን ጊዜ ከሽፋኑ ውጭ ናቸው። ስለዚህ "ዝናብ ገባ" ማለት ብቻውን ካሳ አያስገኝም፤ ዝናቡ በምን ቀዳዳ ገባ የሚለው ነው የሚያከራክረው።

ሜሪላንድ የምትኖር አንዲት እህት የአዲስ አበባ ቤቷን ለአጎቷ ልጅ አደራ ሰጥታ ነበር። ኪራይ ይሰበስባል፤ አሸንዳ ማስጠረጊያና ቆርቆሮ ማስቀቢያም በየዓመቱ ትልክለታለች። በነሐሴ አንድ ሌሊት ነፋስ የመኝታ ቤቱን ቆርቆሮ ገነጠለ፤ በዚያው ሌሊት የሳሎኑ ኮርኒስ ወደቀ። ጉዳቱን ለማየት የመጣው የመድን ድርጅቱ ገማች ግን ሁለቱን ለያያቸው። መኝታ ቤቱ ላይ የተቀደደው ጠርዝ አዲስ ነው፤ እንጨቱም ጠንካራ ነው። ይህ የእርጅና ቅናሽ ተደርጎለት ተከፈለ። ሳሎኑ ላይ በሚስማሮቹ ዙሪያ ዝገት፣ በኮርኒሱ ስብርባሪ ላይ አንዱ በአንዱ ላይ የተደራረበ የውሃ ቀለበት፣ የጠቆረና የበሰበሰ እንጨት ተገኘ። አሸንዳው በቅጠል ተደፍኖ ውሃው ወደ ቆርቆሮው ሥር ይመለስ ነበር። ይህ ተከለከለ።

ተከራይዋ ካለፈው ክረምት ጀምሮ ሳሎን ውስጥ ሳፋ ትደቅን እንደነበር ለገማቹ ነገረችው። አደራ ለተቀበለው የአጎት ልጅም ነግራዋለች። እርሱ ግን "በሰው አገር ሆና እንዳትጨነቅ" ብሎ ዝም አለ። የጠፋው የአሸንዳ ገንዘብ ጥቂት ነው፤ ያ ዝምታ ግን የሳሎኑን ካሳ በላ። ገንዘብ የሚቆነጥር ዘመድ ከዚህ ይሻላል እላለሁ፤ ቢያንስ ማፍሰሱን ይናገራል። ተከራይዋን የሚወቅሱም አሉ፤ እውነቱን የተናገረች እርሷ ብቻ ነች።

ስለዚህ የተከራዩን ስልክ እናንተው ያዙ። በግንቦት፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ ዘመዳችሁ ያልመረጠው ባለሙያ ጣሪያውን ይይ። የሚስማሮቹን፣ የአሸንዳውንና ከኮርኒሱ በላይ ያለውን እንጨት ፎቶግራፍ ቀን ያለበት አድርጎ ይላክላችሁ፤ የጥገና ደረሰኙንም አስቀምጡ። ጣሪያው ከነፋሱ በፊት ደህና እንደነበር የሚያሳይላችሁ ይህ ነው።

አረቦን ከመክፈላችሁ በፊት የሚገለለው ያረጀው ቆርቆሮ ብቻ ነው ወይስ በእርሱ በኩል የገባው ውሃ ያበላሸው ዕቃም ጭምር መሆኑን በጽሑፍ ጠይቁ። ውል ከውል ይለያያል። ቤቱ ሰው የማይኖርበት ከሆነም አሳውቁ።

አደጋ ከደረሰ ወዲያው በጽሑፍ አመልክቱ፤ ቀዳዳውን በሸራ አስሸፍኑ፤ የተገነጠለው ቆርቆሮ ገማቹ ሳያየው ለቆራሌው እንዳይሸጥ። ለዘመዳችሁ በምትሰጡት ውክልና ላይም ከመድን ድርጅት ጋር መነጋገርና ካሳ መቀበል በግልጽ ይጻፍ፤ ካሳውን የሚቀበለው ግን የእናንተ የባንክ ሒሳብ ይሁን።