የጋራዡን ኢስቲሜት ሳታነቡ አትፈርሙ

«ቼክ ኢንጂን በርቶብኝ ጋራዥ ወስጄው ይሄን ወረቀት ሰጡኝ፤ ዋጋው ደህና ነው?» ይህን መልእክት ከነፎቶው ስንቴ እንደተቀበልኩ እኔ ነኝ የማውቀው። የሚገርመው ብዙው ሰው ፎቶውን የሚልከው ከፈረመ በኋላ ነው። መኪናው ተፈትቶ፣ ዕቃው ታዝዞ፣ ከዚያ «ትክክል ነው ወይ?» ይላል። እንግዲህ አንዴ ልጻፈውና ለሚቀጥለው ሰው ይህን ልላክለት።

የምጽፈው ሜሪላንድ ሆኜ ነው። ቨርጂኒያ ወይም ሌላ ስቴት ያላችሁ ስለ ሕጉ የምለውን ከራሳችሁ ስቴት አጣሩ። የቀረው የትም ያው ነው።

መጀመሪያ አንድ ልማድ መተው አለብን። አገር ቤት መለዋወጫ እሳት ነው፣ የእጅ ዋጋ ግን አይከብድም። ስለዚህ ሜካኒኩ ፈትቶ፣ አጥቦ፣ በይዶ አሮጌውን ዕቃ ያስነሳዋል። እዚህ ግልባጩ ነው። የሜካኒኩ ሰዓት ውድ ስለሆነ ከመጠገን መቀየር ይቀላል። «ለምን አይጠግኑትም?» ብላችሁ አትናደዱ። መናደድ ያለባችሁ ሳይመረመር በግምት ሲቀየር ነው።

አሁን አንድ ወረቀት እንይ። ከሲልቨር ስፕሪንግ የሚላኩልኝን የሚመስል ምሳሌ ነው። መኪናው ያገለገለ ቶዮታ፣ የሄደው 124,000 ማይል። ምርመራ 150 ዶላር። ጭሱን የሚያጸዳው ካታላይቲክ ኮንቨርተር 1,150። የኋላው ኦክስጅን ሴንሰር 140። ጋስኬት 35። የእጅ ዋጋ 2.5 ሰዓት በ160 ሒሳብ 400። «የጋራዥ ልዩ ልዩ ዕቃ» 40። ታክስ 79.50። ድምሩ 1,994.50 ዶላር።

ከታች እንጀምር። የሜሪላንድ ሽያጭ ታክስ 6 በመቶ ነው። ለብቻው በተጻፈ የጥገና የእጅ ዋጋ ላይ አይታሰብም። ዕቃዎቹ ተደምረው 1,325 ናቸው፤ ስድስት በመቶው 79.50 ይመጣል። ልክ ነው። ታክሱ ከጠቅላላው ድምር ላይ ተሰልቶ ካያችሁ ጠይቁ።

«ልዩ ልዩ ዕቃ» የሚሉት ለጨርቅ፣ ለቅባት፣ ለማጽጃ የሚጭኑት ነው። አንዳንዱ ጋራዥ ስትጠይቁት ይቀንሰዋል። በእሱ ላይ ግን ጉልበት አትጨርሱ።

የእጅ ዋጋው ብዙ ሰው የሚጨቃጨቅበት ነው። 2.5 ሰዓት የሚለው ሜካኒኩ በእጅ ሰዓቱ የለካው አይደለም። ለእያንዳንዱ ሥራ ስንት ሰዓት እንደሚታሰብ ከሚናገር መመሪያ የሚወሰድ ነው። በአንድ ሰዓት ተኩል ቢጨርሰውም የምትከፍሉት 2.5 ነው፤ አራት ሰዓት ቢፈጅበትም ያው። ስለዚህ ደጃፍ ላይ ቆሞ ሰዓት መቁጠር ዋጋ የለውም። የሚጠየቀው ሌላ ነው። አንድ ቦታ ተፈትቶ ሁለት ሥራ ከተሠራ ሁለቴ መታሰብ የለበትም። በእኛ ምሳሌ ሴንሰሩ እዚያው የጭስ መውጫው ቱቦ ላይ ነው የሚታሰረው። ኮንቨርተሩ ሲወርድ እሱም እጅ ላይ ነው። ለሴንሰሩ ለብቻ ሌላ አንድ ሰዓት ተጽፎ ካያችሁ «ይሄ ከዚያኛው ጋር አብሮ አይሠራም ወይ?» በሉ።

ዋናው ጥያቄ ግን ዋጋው አይደለም፤ ኮንቨርተሩ በእርግጥ ሞቷል ወይ የሚለው ነው።

ወረቀቱ ላይ «P0420» ተጽፎ ታያላችሁ። ይህ ኮድ «ኮንቨርተር ቀይር» ማለት አይደለም። የመኪናው ኮምፒውተር «ኮንቨርተሩ ጭሱን በሚገባ እያጸዳ አይመስለኝም» እያለ ነው። ይህን የሚያውቀው በሁለት ሴንሰር ነው። አንዱ ከኮንቨርተሩ በፊት፣ ሌላው ከኋላ ተቀምጧል። ኮንቨርተሩ ደህና ከሆነ የኋላው ሴንሰር ንባብ ረጋ ብሎ ይቆማል። ኮንቨርተሩ ሲደክም የኋላውም እንደ ፊተኛው ከፍ ዝቅ ማለት ይጀምራል። ችግሩ ንባቡን የሚያበላሽ ሌላም ነገር መኖሩ ነው። የጭስ መውጫው የሆነ ቦታ ቢተነፍስ የውጭ አየር ይገባና ሴንሰሩ ይሳሳታል። ራሱ ሴንሰሩም ሊያረጅ ይችላል። አንዱ ካንዴላ ወይም ኮይል ተበላሽቶ ያልተቃጠለ ቤንዚን ወደ ጭስ መውጫው ሊሄድም ይችላል። ያን ጊዜ ግን ብዙውን ጊዜ ከP0300 ጀምሮ ያሉ ኮዶች አብረው ይመጣሉ። «ሌላ ኮድ ነበር?» ብሎ መጠየቅ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

የእኔ መኪና ላይም ንባቡን ያበላሸው ሌላ ነገር ነበር፤ ስለዚህ ትንሽ ልለጥጠው። ኮዱ P0420 ብቻ ነበር። ጋራዡ ኮዱን አንብቦ፣ ኮንቨርተር ጽፎ፣ እኔም ፈርሜ፣ ከዚህ ምሳሌ የማይርቅ ገንዘብ ወጣ። ሳምንታት አልፈው መብራቱ ተመልሶ ቦግ አለ። ሌላ ሜካኒክ ጋ ወሰድኩት። ሰውየው ኮምፒውተሩን ከመሰካቱ በፊት «ማታ እዚሁ ይደር፣ ጠዋት ቀዝቅዞ ሳለ ላስነሳው» አለኝ። ጠዋት ሲያስነሳው ከሞተሩ ጎን ጥት ጥት ጥት የሚል ድምፅ ተሰማ። ሞተሩ ሲሞቅ ድምፁ ጠፋ። የጭስ መውጫው ከሞተሩ ጋር የሚጋጠምበት ጋስኬት አርጅቶ ይተነፍስ ነበር። ብረቱ ሲሞቅ ሰፍቶ ክፍተቱን ስለሚደፍነው ቀን የሄደበት ጋራዥ አይሰማውም። እኔ ያንን ድምፅ ጠዋት ጠዋት እሰማው ነበር። አልተናገርኩም፤ የጠየቀኝም የለም። የመጀመሪያው ጋራዥ ስደውል «ኮዱ ያለው ኮንቨርተር ነው» ብሎ ድርቅ አለ። እያጨበጨብኩ ቀረሁ።

ስለዚህ መኪና ስታስረክቡ «ቼክ ኢንጂን በርቷል» ብላችሁ አትሂዱ። መቼ እንደበራ፣ ጠዋት ነው ወይ ከሞቀ በኋላ፣ ምን ድምፅ ወይም ሽታ እንዳለ፣ ዘይት ይጎድላል ወይ፣ ሁሉንም ንገሩ። እንግሊዝኛው ካስቸገራችሁ ድምፁን በስልክ ቅዱና አሰሙት።

ከመፈረማችሁ በፊት ደግሞ ይህን ጠይቁ፦ «ኮዱን ከማንበብ ሌላ ምን ፈተሻችሁ?» ኮድ ማንበብማ እንደ አውቶዞን ያሉ ዕቃ ሻጮችም በነጻ ያደርጉታል። 150 ዶላር የምርመራ ከተከፈለ የሁለቱን ሴንሰር ንባብ አይቶ፣ ጭስ መውጫው መተንፈስ አለመተንፈሱን ፈትሾ መሆን አለበት። በትክክል የመረመረ ሜካኒክ ይህን ስትጠይቁት አይከፋውም፤ እንዲያውም ስክሪኑን አዙሮ ያሳያችኋል። «እኛ ልምድ አለን» ብቻ የሚል ከሆነ ቁልፋችሁን ተቀበሉ። የምርመራውን ከፍሎ መውጣት ይቻላል።

ሁለተኛው ጥያቄ «ኮንቨርተሩ በምን ሞተ?» የሚል ነው። ኮንቨርተር ዝም ብሎ አይሞትም። ሞተሩ ዘይት የሚበላ ከሆነ ወይም ካንዴላው ለረጅም ጊዜ ሲዘል ከቆየ ያ ነው የገደለው። መንስኤው ሳይስተካከል አዲስ ቢገባ እሱንም ይጨርሰዋል። ከዚያ ስለ ዕቃው ጠይቁ፦ የፋብሪካው ነው ወይስ የሌላ ድርጅት? ዋስትናው ስንት ወር ነው? የእጅ ዋጋንስ ይጨምራል? በጣም ርካሹ ኮንቨርተር ያንኑ ኮድ ቶሎ መልሶ የማምጣት ዐመል አለው።

መኪናችሁ አዲስ ከሆነ ይህን ሁሉ ከመጠየቃችሁ በፊት ወደ ዲለር ደውሉ። አሜሪካ ውስጥ በፌደራል ሕግ ካታላይቲክ ኮንቨርተርና የመኪናው ኮምፒውተር 8 ዓመት ወይም 80,000 ማይል፣ ቀድሞ እስከሞላው ድረስ፣ ዋስትና አላቸው። ያገለገለ ገዝታችሁም ቢሆን ዋስትናው ከመኪናው ጋር ይሄዳል። ይህን የሰፈር ጋራዥ አይነግራችሁም፤ ሥራው ስለሚሄድበት።

የሜሪላንድ ሕግ ከ50 ዶላር በላይ ለሚሆን ጥገና የጽሑፍ ኢስቲሜት የመጠየቅ መብት ይሰጣችኋል። ጋራዡ ሳያስፈቅዳችሁ ከተጻፈው ከ10 በመቶ በላይ ማስከፈል አይችልም። በእኛ ምሳሌ 2,194 ዶላር ገደማ ላይ መቆም አለበት ማለት ነው። የተቀየረውን አሮጌ ዕቃም ጠይቃችሁ መውሰድ ትችላላችሁ፤ በዋስትና ወደ ፋብሪካው የሚመለስ ካልሆነ በቀር። አሮጌ ኮንቨርተር ውስጥ ፕላቲነም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስላለ ገዢ አለው። «እዚሁ ከቀረ ስንት ትቀንሱልኛላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ይህ ሁሉ ለሐበሻ ጋራዥም ይሠራል። እዚህ ላይ ነው ይሉኝታ የሚያስበላን። «ወንድማችን ነው፣ እንዴት ወረቀት ጻፍ እለዋለሁ?» ትላላችሁ፤ በኋላ ዕቃው ሲበላሽ ዋስትና የለ፣ ደረሰኝ የለ፣ ዝምድናውም የለ። በጣም ጥሩ የሆኑ ሐበሻ ሜካኒኮች አውቃለሁ፤ ሳይጠየቁ የሚጽፉት እነሱ ናቸው። ጻፍ ሲባል ቅር የሚለው ጋ መጀመሪያውኑ አትሂዱ።

ወረቀቱ ግርጌ ላይ «ይመከራል» ተብሎ የሚደረደረውን ያዙት እንጂ ዛሬ አትፈርሙበት። የመኪናው መጽሐፍ ጓንት ማስቀመጫው ውስጥ አለ፤ በስንት ማይል ምን እንደሚቀየር ይናገራል። የካቢን አየር ማጣሪያ እኮ ብዙ ቶዮታ ላይ ከዚያው ሳጥን ጀርባ ነው ያለው፤ ያለ መፍቻ በራሳችሁ እጅ ትቀይሩታላችሁ። ፍሬን ሸራ አልቋል ከተባላችሁ ግን በቀልድ አትለፉት፤ ስንት ሚሊሜትር እንደቀረው ለክተው ያሳዩዋችሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ስለ ቪኢአይፒ፣ ስለ ጭስ ምርመራው። ቼክ ኢንጂን በርቶ ከሄዳችሁ ትወድቃላችሁ። ብልጥ ሆነን ኮዱን አጥፍተን እንሂድ የምትሉም አላችሁ። ኮዱ ሲጠፋ ኮምፒውተሩ የራሱን ፍተሻ እንደ አዲስ ይጀምራል፤ ፍተሻው ሳያልቅ ከደረሳችሁ ማሽኑ «ዝግጁ አይደለም» ብሎ ይመልሳችኋል። በትክክል ካሠራችሁ በኋላም ቢሆን ከጋራዥ በቀጥታ ወደዚያ አትንዱ። ጥቂት ቀን ከተማ ውስጥም ሀይዌይ ላይም ነዱት፣ አንዳንዱን ጠዋት ሙሉ በሙሉ ቀዝቅዞ አስነሱት፣ ከዚያ ሂዱ።