ድሃ ገጸ ባሕርይ ሲጻፍ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ጎንደር ላይ የቆመ ማኅበራዊ ልብ ወለድ ስትጽፉ ድህነትን በተቀደደ ልብስ አትጀምሩት። ቤቷ የሚላስ የሚቀመስ የሌላት ሴት እንኳ እሁድ ቤተ ክርስቲያን የምትስመው ነጠላዋን አጥባ ነው። ይህን ስህተት ብዙ ሰው በሁለተኛው ረቂቅ ያርመዋል።

ሳይታረም እስከ ማተሚያ ቤት የሚሄደው ሌላ ነው፤ ገንዘቡ ቁጥርም ቀንም የለውም። «ኑሮ ከበዳት፤ ኪራይ መክፈል አቃታት» ተብሎ ይታለፋል። ኪራዩ ስንት ነው? የሚከፈለው በስንተኛው ቀን ነው? በማን እጅ? ደራሲው ይህን ካላወቀ ሴትየዋ አትመርጥም፤ ደራሲው ወዳሻው ይነዳታል። ልጇን ከትምህርት ቤት ብታስወጣም አንባቢ ያዝናል እንጂ ሌላ መንገድ እንዳልነበራት አያምንም።

አንዷን እናስላ። አዘዞ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ እንጀራ ለምግብ ቤቶች እያስረከበች ሴት ልጇን ታሳድጋለች። የጤፉና የማገዶው ወጪ ተቀንሶ በሳምንት 1,500 ብር ይተርፋታል እንበል፤ ዋጋውን እናንተ በታሪኩ ዘመን ልክ ቀይሩት። 500 ለእቁብ፣ 500 ለቤት ወጪ፣ 500 ደግሞ በአራት ሳምንት 2,000 ለሚሞላው ኪራይ። ትርፍ የለም። አሁን ልጅቷ ትታመምና መድኃኒቱ 600 ብር ይሁን። ከሦስቱ አንዱ መነካቱ የግድ ነው፤ ምዕራፉም የሚጀምረው እዚህ ነው።

እዚህ ላይ እቁቡን እንደ ቁጠባ ብቻ የሚያይ ደራሲ ይሳሳታል። ዕጣ የወጣለትና ያልወጣለት ሰው አንድ አይደሉም። ሃያ አባላት ያሉት ሳምንታዊ እቁብ ነው እንበል፤ ዕጣው 10,000 ብር ነው። ዕጣው ካልወጣላት ያላት ተቀማጭ ነው፤ ዳኛውን ለምና አንድ ሳምንት ልታዘገይ ትችላለች። በሦስተኛው ሳምንት ወጥቶላት ጤፍ ገዝታበት ከሆነ ግን ከዚያ በኋላ የ17 ሳምንት፣ ማለትም የ8,500 ብር ባለዕዳ ናት። ካልከፈለች የሚጠራው ዋሷ ነው። ስለዚህ ገጸ ባሕርይዋ ዕጣ ያገኘችበትን ሳምንትና የዋሷን ማንነት ከመጀመሪያው ምዕራፍ በፊት ወስኑ።

ዋሷ አከራይዋ ትሁን። ያኔ የገንዘቡ ጉዳይ የአፍ ጉዳይ ይሆናል። የውኃው ሂሳብ በተከራዮች ላይ እኩል ሲካፈል እንደተበደለች ታውቃለች፤ አትናገርም። ልጇ ከአከራይዋ ልጅ ጋር ስትጣላ ሳትጠይቅ የምትቆጣው የራሷን ልጅ ነው። ለምን እንደሆነ በትረካ አታስረዱ፤ ዋስትናውን ቀድሞ ያወቀ አንባቢ ራሱ ይደርስበታል፤ ልጅቷ ግን አታውቅም፤ በእናቷ ትቀየማለች።

ከዚህ የሚቀጥለው ስህተት ድሃው ሁሉን እንዲናገር ማድረግ ነው። በባለጸጋ ፊት ቆሞ ስለ ፍትሕ ሁለት ገጽ የሚናገር ተከራይ በረቂቆች ውስጥ ሞልቷል። እነዚህ ሁለት ሴቶች በር ላይ ሲገናኙ ግን የሚባለው ይህን ያህል ነው፦

«ምነው አንቺ፣ ጠፋሽ?»

«ኧረ አለሁ እትዬ። ልጅቷን ትንሽ አሟት ነው።»

«ታዲያ አትነግሪኝም?»

«ምንም አይደል፣ ተሽሏታል።»

ልጅቷ አልተሻላትም። ብትጠይቃት አከራይዋ 600 ብሩን ታበድራት ነበር፤ ክፉ ሴት አይደለችም። ዋስ የሆነችላትን ሰው ደግማ መለመን ግን ይከብዳል፤ ደግነቷ አፏን ይበልጥ ይዘጋዋል። አከራይዋን ጨካኝ ካደረጋችኋት ይህ ሁሉ ይጠፋል፤ ከጨካኝ ሰው ብር አለመጠየቅን ማን ይጠይቃል? አጠራሩንም ጠብቁ። አከራይዋ በዕድሜ ብታንስም እንኳ «እትዬ» የምትባለው እሷ ናት፤ «አንቺ» የምትባለው ተከራይዋ። በንግግር መሃል ይህን ማቀላቀል የሁለቱን ደረጃ ያፈርሰዋል። ተከራይዋ አንድ ቀን «አንቺ» ካለቻት ግን ያ የመጽሐፉ ትልቁ ጠብ መሆን አለበት።

የፋሲልን ግንብ በየምዕራፉ መግለጽም ገጽ ይበላል። ከተማዋን በሴትየዋ ሂሳብ በኩል አስገቧት። ለጥምቀት እንግዳ ይጎርፋል፤ ጥር 10 ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ምግብ ቤቶቹ ከወትሮው እጥፍ እንጀራ ያዝዛሉ፤ ገቢዋ ከፍ የሚለው ያኔ ነው። ግን «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» የሚባለውም በዚያው ሳምንት ነው፤ ልጅቷም የአከራይዋ ልጆች አዲስ ሲለብሱ በግቢው ውስጥ ሆና ታያለች። ቀሚሱን ትግዛላት ወይስ ወደኋላ የቀረውን እቁብ ትክፈል? ቀሚሱን ከገዛችላት ብሩ ከየት እንደመጣ አከራይዋ ማስላት ትችላለች፤ የእቁቡን መዘግየት ዳኛው ነግሯታልና።

ረቂቁን ስትጨርሱ «ድሃ»፣ «ችግረኛ»፣ «ምስኪን» የሚሉትን ቃላት በሙሉ ሰርዛችሁ አንብቡት። ሴትየዋ አሁንም ድሃ መሆኗ ካልታወቀ ወደ ሂሳቡ ተመለሱ።