ለ ሀን በ30 ጠቅታ በለጠው፤ ታዲያ አሸነፈ ማለት ነው?

በየሳምንቱ ሐሙስ ለ6,000 አንባቢዎች በኢሜይል የምንልከው መጽሔት አለን። አንድ ሐሙስ ስለ ጤፍ ዋጋ የተጻፈ ዘገባ ሁለት ርዕስ ቀረበለትና አዘጋጆቹ ሁለት ቦታ ተከፈሉ። ርዕስ ሀ «የጤፍ ዋጋ ንረት እና መንስኤዎቹ» የሚል ነበር። ርዕስ ለ ደግሞ «ጤፍ መርካቶ እስኪደርስ ስንት እጅ ይነካዋል?» ይላል። በመጨረሻ ክርክሩን አንባቢ ይፍታው ተባለና 3,000ው ሀን፣ 3,000ው ለን አገኘ። ሀን 120 ሰው ጠቅ አደረገው፣ ለን 150። የለ ደጋፊዎች «25 በመቶ በለጥን!» ብለው አጨበጨቡ። እኔ ግን አላጨበጨብኩም፤ ምክንያቴን እንዲህ ባለ ሙከራ ከሚገጥሙን ችግሮች ጋር አብሬ እጽፈዋለሁ። ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ትንሽ አስተካክያቸዋለሁ።

ምልክት፦ ልዩነቱ ትልቅ ይመስላል፣ ግን እርግጠኛ መሆን አልተቻለም

መንስኤው አጋጣሚ ነው። ርዕሶቹ ፍጹም እኩል ቢሆኑ ኖሮ እንኳ ጠቅታው 135 ለ135 አይወጣም ነበር። እስቲ እንዲህ እናስበው፦ ርዕሱ ምንም ይሁን ምን ይህን ዘገባ የሚከፍቱ 270 ሰዎች አሉ። እያንዳንዳቸው በዕጣ ወይ ሀ ወይ ለ ደርሷቸዋል። ስለዚህ ውጤቱ ሳንቲም 270 ጊዜ ወደ ላይ ከመወርወር አይለይም። ሳንቲም 270 ጊዜ የወረወረ ሰው አንበሳና ዘውድ እኩል ይወጣሉ ብሎ አይጠብቅም፤ አንዱ ሌላውን በጥቂት ይበልጠዋል።

በስንት ይበልጠዋል ለሚለው ቀላል መለኪያ አለ። በሳንቲም ውርወራ በሁለቱ ወገኖች መካከል የሚጠበቀው የተለመደ ልዩነት የጠቅላላው ቁጥር ካሬ ሥር ነው። የ270 ካሬ ሥር ወደ 16 ይጠጋል። ልዩነቱ ከዚህ እጥፍ፣ ማለትም ከ32 ወይም 33 በላይ የሚሆነው ከ20 ጊዜ አንድ ጊዜ ያህል ብቻ ነው። የእኛ ልዩነት 30 ነው። ስለዚህ ያለ ምንም የርዕስ ብልጫ፣ በአጋጣሚ ብቻ ሊመጣ ከሚችለው ክልል አልወጣም።

መፍትሄው በሠንጠረዥ ፕሮግራም አንድ መስመር ነው፦

```
=(150-120)/SQRT(150+120)
```

ውጤቱ 1.83 ነው። 2 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ልዩነቱን በቁም ነገር እንወስደዋለን፤ ከ2 በታች ከሆነ «ገና አልታወቀም» ብለን እንጽፋለን። «ገና አልታወቀም» ማለት «እኩል ናቸው» ማለት እንዳልሆነ ልብ በሉ። በእኛ ስብሰባ ላይ ይህን ልዩነት ለማስረዳት ከስሌቱ የበለጠ ጊዜ ወስዶብኛል።

ይህ አቋራጭ የሚሠራው ሁለቱ ወገኖች እኩል ሲሆኑና ጠቅ የሚያደርገው ሰው ከመቶው ጥቂት ሲሆን ነው። የሚቆጠረውም ሰው እንጂ ጠቅታ አይደለም። አንድ አንባቢ አገናኙን አራት ጊዜ ቢነካው አንድ ነው፤ አራት ብለን ከቆጠርነው የሳንቲሙ ምሳሌ ይፈርሳል፣ ስሌቱም ያታልለናል።

ምልክት፦ ሙከራው በተደጋጋሚ «አልታወቀም» እያለ ያልቃል

መንስኤው አብዛኛውን ጊዜ የሰው ማነስ ነው። ከመቶ 4 ሰው ጠቅ በሚያደርግበት ዝርዝር፣ ወደ 5 የሚያሳድግ ርዕስ ቢኖር ያን ከአምስት አራት ጊዜ ለመያዝ በእያንዳንዱ ወገን 7,000 ሰው ያህል ያስፈልጋል። እኛ 3,000 ነው ያለን። ለ በእርግጥ የተሻለ ቢሆን እንኳ ከሁለት አንድ ጊዜ በላይ ያመልጠናል ማለት ነው። የምንፈልገው ልዩነት በግማሽ ሲያንስ ደግሞ የሚያስፈልገው ሰው በአራት ይባዛል። ስለዚህ 800 አንባቢ ያለው ሰው በአንድ ቃል ልዩነት ያላቸውን ርዕሶች በመፈተን ጊዜውን አያባክን፤ በጣም የሚራራቁ ሁለት ርዕሶችን ይውሰድ፣ ወይም መጨረሻ ላይ የምነግራችሁን መንገድ ይከተል።

ምልክት፦ ጠዋት ያሸነፈው ማታ ተሸነፈ

ከጠዋቱ 3 ሰዓት ላይ ልከን 5 ሰዓት ላይ ስናይ ሀ ይመራ ነበር። አንዱ ባልደረባዬ ሙከራውን ዘግተን ሀ አሸነፈ እንበል አለ። ብንሰማው ኖሮ የተሳሳተ ውሳኔ እንወስን ነበር። በዚያ ሰዓት ኢሜይል የሚከፍቱት ቢሮ የገቡ የአዲስ አበባ አንባቢዎች ናቸው፤ ዋሽንግተን ያሉት ገና ተኝተዋል። ሁለቱ አንባቢዎች የሚወዱት ርዕስ አንድ ላይሆን ይችላል።

ከዚህ የከፋው ግን በየሰዓቱ እየተመለከቱ፣ 2 የሞላበትን ቅጽበት ጠብቆ ማቆም ነው። አንድ ጊዜ ብቻ ብናይ በእኩል ርዕሶች መካከል በስህተት «አሸናፊ» የምናውጀው ከመቶ 5 ጊዜ ነው። በእኩል ርቀት አምስት ጊዜ አይተን፣ በማንኛቸውም ላይ 2 ከሞላ የምናቆም ከሆነ ስህተቱ ወደ 14 በመቶ ይወጣል። አሥር ጊዜ ካየን ወደ 19። ልዩነቱ በአጋጣሚ ወዲያና ወዲህ ሲዋዥቅ ድንበሩን የሚነካበትን አፍታ ጠብቆ መዝጋት ማለት ነው።

መፍትሄው ከመላክ በፊት የመዝጊያውን ሰዓት ጽፎ ማስቀመጥ ነው። እኛ ቅዳሜ ጠዋት 3 ሰዓት ብለን ወስነናል፤ ሁለት ሙሉ ቀን ስለሚሆን በየትኛውም አገር ያለው አንባቢ ይዳረሳል። እስከዚያ ማየት አይከለከልም፤ የተከለከለው ባዩት ላይ ተነስቶ መወሰን ነው።

ምልክት፦ ርዕሱ ምንም ይሁን፣ አንደኛው ወገን ሁልጊዜ ያሸንፋል

እዚህ ጋ ችግሩ ክፍፍሉ ነው። የመጀመሪያ ሙከራችንን ያበላሸሁት እኔ ራሴ ነበርኩ። የአንባቢዎቹን ዝርዝር ከፍቼ ከላይ ያሉትን 3,000 ለሀ፣ ከታች ያሉትን ለለ ሰጠሁ። ዝርዝሩ ግን በተመዘገቡበት ቀን የተደረደረ ነበር። ከላይ ያሉት የቆዩ፣ ብዙዎቹም መጽሔቱን መክፈት የተዉ ናቸው፤ ከታች ያሉት ባለፈው ወር በጉጉት የተመዘገቡ። ለ ቢያሸንፍ ምን ይገርማል? በስም ፊደል ተራ መክፈልም አያድንም፤ ስማቸውን በግዕዝ ፊደል የጻፉትና በላቲን የጻፉት ለየብቻ ይሰበሰባሉና።

መፍትሄው ዕጣ ነው። በዝርዝሩ አጠገብ ባለ ባዶ ዓምድ ከእያንዳንዱ አንባቢ ጎን `=RAND()` ይጻፍ፤ ቁጥሮቹ በየጊዜው እንዳይቀያየሩ ዓምዱን ቀድታችሁ እሴቱን ብቻ መልሳችሁ ለጥፉ፤ ከዚያ በዚያ ዓምድ ደርድራችሁ መሃል ላይ ክፈሉት። በሚቀጥለው ሐሙስ ዕጣው እንደ አዲስ ይውጣ።

ክፍፍሉን የሚሠራው ፕሮግራም ከሆነ ደግሞ አትመኑት፤ ያንኑ ስሌት በሰዎቹ ቁጥር ላይ ሞክሩት። ፕሮግራሙ በዕጣ ግማሽ በግማሽ ከፍያለሁ ብሎ 3,140 እና 2,860 ካስቀመጠ፣ ልዩነቱ 280 ነው፤ የ6,000 ካሬ ሥር 77 ያህል ነው፤ ሲካፈል 3.6 ይመጣል። ይህ በአጋጣሚ አይሆንም። ፕሮግራሙ የከፈለው በትክክለኛ ዕጣ አይደለም ማለት ነው። እንዲህ ሲሆን የጠቅታውን ውጤት ማየት እንኳ አያስፈልግም፤ ሙከራው ይጣላል።

ምልክት፦ በተላከ በጥቂት ሰከንድ ውስጥ ጠቅታ ጎረፈ

ማንም ሰው በአራት ሰከንድ ውስጥ የመጽሔቱን አገናኞች ሁሉ፣ «ከዝርዝሩ አስወጡኝ» የሚለውን ጨምሮ፣ አይነካም። የሚነኩት የመሥሪያ ቤቶች የደህንነት ማጣሪያዎች ናቸው፤ መልእክቱ ለባለቤቱ ከመድረሱ በፊት አገናኞቹን ይፈትሻሉ። በሁለቱም ወገን እኩል ቢገቡ እንኳ እውነተኛውን ልዩነት ያደበዝዙታል። ሁሉንም አገናኝ በአንድ ጊዜ የነካውን አድራሻ ከሁለቱም ወገን እናወጣለን፤ ደንቡ ግን ውጤቱ ከመታየቱ በፊት የተጻፈ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ የማንወደውን ርዕስ ደጋፊዎች ብቻ ስናጣራ እንገኛለን።

«ስንት ሰው ከፈተው» የሚለውን ቁጥር ግን ፈጽሞ አንጠቀምም። አፕል ከ2021 ጀምሮ በኢሜይል መተግበሪያው ውስጥ ምስሎችን ቀድሞ ማውረድ ስለጀመረ፣ ያልተከፈተ መልእክትም እንደተከፈተ ሆኖ ይቆጠራል።

ምልክት፦ በቴሌግራም ቻናል ላይ ጠዋት ሀን፣ ማታ ለን ለጥፈን ለ በለጠ

ይህ ሙከራ አይደለም። ሰዓቱም ሰዉም ተለውጧል፣ ጠዋት ያነበበውም ማታ አይመለስም። ቻናል ተከታዮቹን በዕጣ ለሁለት አይከፍልም፤ ስለዚህ እዚያ ርዕስ አይፈተንም።

ምልክት፦ በሙከራ ያሸነፈው ዓይነት ርዕስ፣ ሲደጋገም ደከመ

በትንሽ ሙከራ 2ን የሚያልፈው ልዩነት ብዙውን ጊዜ አጋጣሚ የገፋው ነው። በ3,000 ሰው ወገን ድንበሩን ለመሻገር ብልጫው ከ25 በመቶ በላይ መሆን ስላለበት፣ እውነተኛ ብልጫው 10 በመቶ የሆነ ርዕስ የሚያሸንፈው ተጋንኖ በታየበት ቀን ብቻ ነው። በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ልኩ ይመለሳል። እውነተኛዎቹ ልዩነቶች ደግሞ ትንንሽ ናቸው። አፕወርዚ የተባለው የአሜሪካ ድረ ገጽ ከ2013 እስከ 2015 ያካሄዳቸው ከ32,000 በላይ የርዕስ ሙከራዎች ለተመራማሪዎች ክፍት ሆነዋል። በእነሱ ላይ በ2023 የወጣ ጥናት እንዳገኘው፣ በአማካይ ርዝመት ባለው ርዕስ ላይ አንድ ተጨማሪ አሉታዊ ቃል ጠቅታውን የሚያሳድገው በ2.3 በመቶ ገደማ ነው። ይህን የሚያህል ብልጫ በእኛ ዝርዝር መቼም አይታይም።

መፍትሄያችን አንዱን ርዕስ ሳይሆን የርዕሱን ዓይነት መፈተን ሆነ። ያው ዘገባ ለያው ሰው ሁለት ጊዜ አይላክም፤ «ደረቅ ዓረፍተ ነገር ወይስ ጥያቄ?» የሚለውን ግን በየሳምንቱ መጠየቅ ይቻላል። ከጤፉ ሐሙስ በፊት አራት ዕትም ብለን ወስነን ነበር። ደረቁ ርዕስ በአራቱ ዕትሞች 120፣ 98፣ 131 እና 110 ሰው አገኘ፣ ጥያቄው 150፣ 121፣ 139 እና 141። በየሳምንቱ ለብቻው ሲታይ አንዳቸውም 2 አልሞሉም። ሲደመር ግን 459 ለ551 ነው፤ ልዩነቱ 92፣ የ1,010 ካሬ ሥር 32 ያህል፣ ሲካፈል 2.9።

በአምስተኛው ሐሙስ ጥያቄውን ለ6,000ው ሁሉ ላክን፤ ስለ ጤፉ ርዕስ ለብቻው ግን ዛሬም ብትጠይቁኝ መልሴ «አልታወቀም» ነው።