ዕለታዊ የገንዘብ ገደብ፦ ሲያስተላልፉና ጭማሪ ሲጠይቁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

በኮዬ ፈጬ አካባቢ ቤት የሚያሠሩ አንድ ደንበኛ ለብረትና ለሲሚንቶ 180 ሺህ ብር ይከፍላሉ እንበል። የሞባይል ባንኪንግ ዕለታዊ ገደባቸውን ለምሳሌ 100 ሺህ ብር እናድርገው፤ ትክክለኛው መጠን ከባንክ ባንክ ይለያያል። ጠዋት 70 ሺህ ልከዋል። ከሰዓት በኋላ ቀሪውን 110 ሺህ ሲሞክሩ ስልኩ ገደብዎን አልፈዋል ይላቸዋል፤ መኪናው ግን ተጭኖ ይጠብቃል።

የመጀመሪያው ስህተት ገደቡ የሒሳቡ እንደሆነ ማሰብ ነው። ሞባይሉ፣ ኤቲኤሙና የቅርንጫፉ መስኮት እያንዳንዳቸው የየራሳቸው ገደብ አላቸው። በዚያ ላይ በአንድ ጊዜ የሚላከው መጠንና በቀን የሚላከው ድምር ለየብቻ ይወሰናሉ። ስለዚህ ሒሳባቸው ላይ ግማሽ ሚሊዮን ብር ቢኖርም በሞባይል ለዕለቱ የቀራቸው 30 ሺህ ብቻ ነው።

ሁለተኛው ስህተት ክፍያውን መሸንሸን ነው። የአንድ ጊዜው ገደብ ሲያግድ መከፋፈል ይሠራል፤ የቀኑ ድምር ሲሞላ ግን 110 ሺሁን በአራት ቢከፍሉትም ከ30 ሺህ በላይ አያልፍም። በዘመድ ሒሳብ መላክ ደግሞ የባሰ ነው፤ በደረሰኙ ላይ የሌላ ሰው ስም ስለሚወጣ አቅራቢው ክፍያውን ከማን እንደተቀበለ ይጠራጠራል፣ ባንኩም ዝውውሩን በጥርጣሬ ሊያየው ይችላል።

ለአንድ ጊዜ ክፍያ ብቻ ጭማሪ መጠየቅም ብዙ ጊዜ አላስፈላጊ ነው። መታወቂያና የሒሳብ ደብተር ይዞ በቅርንጫፍ በኩል ማስተላለፍ ወይም በአቅራቢው ስም ሲፒኦ የሚባለውን የባንክ ክፍያ ማዘዣ ማሠራት ሥራውን ይጨርሳል።

ክፍያው ለወራት የሚቀጥል ከሆነ ግን ጭማሪው ተገቢ ነው፤ እዚህ ላይ የሚበዛው ስህተት በቃል «ገደቤን ከፍ አድርጉልኝ» ብሎ መሄድ ነው። ሒሳቡ ለተከፈተበት ቅርንጫፍ ሥራ አስኪያጅ የሚቀርበው ማመልከቻ የሒሳብ ቁጥሩን፣ ጭማሪው የሚፈለገው በሞባይል ወይም በኤቲኤም መሆኑን፣ በቀን ስንት ብር እንደሚያስፈልግና እስከ መቼ እንደሆነ ይግለጽ፤ የአቅራቢው ፕሮፎርማና የግንባታ ውሉም ይያያዝ። ማብቂያውን መጻፍ እኔ ፈጽሞ የማልተወው ነገር ነው፤ ስልኩ ቢሰረቅ ሌባው የሚያገኘውም ያንኑ ከፍ ያለውን ገደብ ነውና።

ሥራ አስኪያጁ ሊያነሡት የሚችሉት ባንኩ ራሱ ያወጣውን ገደብ ብቻ ነው። ብሔራዊ ባንክ በ2012 ዓ.ም. እንዳደረገው በጥሬ ገንዘብ ወጪ ላይ ገደብ ሲያስቀምጥ፣ ያን በቅርንጫፍ ደረጃ ማስቀየር አይቻልም። ስለዚህ ማመልከቻው ከመጻፉ በፊት «ይህ የባንኩ ነው ወይስ የብሔራዊ ባንክ?» ብሎ መጠየቅ ከብዙ ምልልስ ያድናል።

በስልክ ደውሎ ገደብ ላሳድግልዎ የሚልና የሚስጥር ቁጥር ወይም በመልእክት የደረሰ ኮድ የሚጠይቅ ሰው አጭበርባሪ ነው። ስልኩን ይዝጉ፤ ቁጥሩን ነግረውት ከሆነም ወዲያውኑ ወደ ባንኩ ደውለው አገልግሎቱን ያሳግዱ።