ሪፖርቱ 23.7 ይላል፣ የኔ ስሌት 24.4 ወጣ፦ የማይገጥም ሬሾ ችግርና መፍትሄ

ዓመታዊ ሪፖርት ላይ የተጻፈን ሬሾ ራሳችሁ ከሒሳብ መግለጫው ልታወጡት ሞክራችሁ እምቢ ካላችሁ ካልኩሌተሩን ተዉት፣ ኩባንያውንም ቶሎ አትጠርጥሩ። አብዛኛውን ጊዜ ጣጣው የቱ ቁጥር ለየትኛው ይካፈላል የሚለው ላይ ነው። ደግሞ ልዩነቱ ምን ያህል እንደሆነ ብቻ አይታችሁ መንስኤውን መገመት ትችላላችሁ።

ለማሳያ የአሜሪካውን የችርቻሮ ኩባንያ የዋልማርትን ሪፖርት እንውሰድ። በእ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 31 ቀን 2024 የተዘጋውን የበጀት ዓመት ማለት ነው። ኩባንያው ይህን ዓመት «ፊስካል 2024» ይለዋል፣ ግን አስራ አንዱ ወር የ2023 ነው። ከሌላ ድረ ገጽ ቁጥር ጋር ስታመሳክሩ መጀመሪያ ይህን ካላያችሁ የሌላ ዓመት ቁጥር ይዛችሁ ትሟገታላችሁ። ከዚህ በታች ያሉት ቁጥሮች በሙሉ በሚሊዮን ዶላር ናቸው።

ምልክት፦ ግሮስ ማርጂን ከሪፖርቱ ከፍ ብሎ ይወጣል

የትርፍና ኪሳራ መግለጫው ላይ ገቢው በሦስት መስመር ነው የተጻፈው። `Net sales` 642,637። `Membership and other income` 5,488። ድምሩ `Total revenues` 648,125። የሽያጭ ወጪው 490,142 ነው። ብዙ ሰው ጎልቶ የተጻፈውን ድምር ያነሳና ወጪውን ቀንሶ ያካፍላል። 24.4 በመቶ ይመጣለታል። ሪፖርቱ ግን 23.7 ነው የሚለው።

መንስኤው የአባልነት ክፍያው ነው። ሳምስ ክለብ ወደሚባለው የዋልማርት የአባላት መደብር ለመግባት ደንበኛ የሚከፍለው ዓመታዊ ክፍያ ገቢ ነው፣ ግን ከመደርደሪያ ላይ የተነሳ ዕቃ የለውም፣ ስለዚህ ዋልማርት ግሮስ ማርጂኑን ሲያሰላ ከላይም ከታችም ያወጣዋል። ይህንንም አልደበቀም። የአስተዳደሩ ማብራሪያ ውስጥ ያለው ሰንጠረዥ «የኔት ሴልስ በመቶኛ» ብሎ በግልጽ ጽፎታል። የሬሾውን ስም ብቻ አንብቦ ማለፍ ነው የሚያሳስተው።

መፍትሄው ሦስቱንም አማራጭ ኤክሴል ላይ ጎን ለጎን መጻፍ ነው፦

```
=(642637-490142)/642637   23.73%
=(648125-490142)/648125   24.38%
=(642637-490142)/648125   23.53%
```

ሦስተኛው ተንኮለኛ ነው። ከላይ አንዱን፣ ከታች ሌላውን ስትወስዱ የሚመጣ ነው፣ ለትክክለኛውም በጣም ስለሚቀርብ «የማጠጋጋት ልዩነት ነው» ብላችሁ ልታልፉት ትችላላችሁ። አትለፉት። ሪፖርቱ በአንድ አሥረኛ አጠጋግቶ ከጻፈ፣ ቁጥሮቹ ደግሞ በሚሊዮን እስከሆኑ ድረስ፣ የናንተም መልስ እስከዚያችው አሥረኛ መግጠም አለበት። የ0.2 ልዩነት ማጠጋጋት አይደለም።

ገጠመልኝ ብላችሁም በአንድ ዓመት ብቻ አትርኩ፣ በአጋጣሚ ሊገጥም ይችላል። ባለፈው ዓመት ሞክሩት። በፊስካል 2023 ኔት ሴልስ 605,881፣ ወጪው 463,721 ነበር፣ 23.46 በመቶ ይመጣል። ልዩነቱ 0.27 ነው። ሪፖርቱም ማርጂኑ በ27 ቤዚስ ፖይንት ጨመረ ይላል፣ ማለትም 0.27 በመቶ ነጥብ። በአጠቃላይ ገቢ ብታሰሉት ግን ጭማሪው 23 ቤዚስ ፖይንት ብቻ ነው የሚሆነው። እዚህ ላይ ነው ትርጉሙን በእርግጥ ያገኛችሁት። እኔ ይህችን የጭማሪ ሙከራ ከሁሉም በላይ አምናታለሁ፣ ምክንያቱም የተሳሳተ አካፋይ አንድ ዓመት ቢያመልጥ ሁለቱን አያመልጥም።

ምልክት፦ ሪተርን ኦን አሴት ዝቅ ብሎ ይወጣል

ሪፖርቱ 6.6 በመቶ ይላል፣ እናንተ ጋ 6.4 መጣ። እንግዲያው ለዓመቱ መጨረሻ ሀብት ነው ያካፈላችሁት፣ ለ252,399። ትርፍ ዓመቱን ሙሉ የተሠራ ነው፣ የሀብትና ዕዳ መግለጫው ግን የአንድ ቀን ፎቶ ነው፣ ስለዚህ ዋልማርት የመነሻውንና የመድረሻውን አማካይ ይወስዳል። የመነሻው 243,197 ነው፣ አማካዩ 247,798።

6.3 ከመጣላችሁ ደግሞ አካፋዩ ልክ ነው፣ ትርፉ ነው የተሳሳተው። መግለጫው ግርጌ ላይ ሁለት ትርፍ አለ። አንዱ የሁሉም ድምር 16,270፣ ሌላው በቅርንጫፍ ኩባንያዎቹ ውስጥ ያሉ ሌሎች ባለድርሻዎች ድርሻ ከወጣለት በኋላ ለዋልማርት የሚተርፈው 15,511። ሀብቱ የቅርንጫፍ ኩባንያዎቹን ሙሉ ሀብት ስለያዘ ትርፉም ሙሉው መሆን አለበት፣ 16,270 ለ247,798 ስታካፍሉ 6.57 ይመጣል። ገጠመ።

ምልክት፦ ከረንት ሬሾ ከአንድ ድረ ገጽ ጋር አይገጥምም፣ ወይም ከ1 በታች ወጥቶ አስደነገጣችሁ

ከረንት አሴት 76,877፣ ከረንት ላያቢሊቲ 92,415። ሲካፈል 0.83። ከ1 በታች ስለሆነ አሳስቼ ይሆን ብላችሁ አትገልብጡት። ማረጋገጫው ቀላል ነው፣ ሪፖርቱ የወርኪንግ ካፒታል ጉድለቱ 15.5 ቢሊዮን ዶላር እንደሆነ ይናገራል፣ የሁለቱም ቁጥሮች ልዩነት 15,538 ነው። ዕቃው ለአቅራቢ ሳይከፈል በፊት ተሽጦ የሚያልቅበት ሱቅ እንዲህ ሆኖ ይኖራል።

ሌላ ቦታ 0.85 ካያችሁ ግን የሊዝ ዕዳውን ተመልከቱ። በአንድ ዓመት ውስጥ የሚከፈለው የኪራይ ዕዳ ሁለት መስመር ላይ ነው የተቀመጠው፣ 1,487 እና 725። እነዚህን ከዕዳው ስታወጡ 90,203 ይቀራል፣ ሬሾውም 0.85 ይሆናል። አንዱ ሬሾ ሲሰላ ሊዝ ይቆጠር ወይስ አይቆጠር የሚለው በተንታኙ ይለያያል፣ ስለዚህ ሁለት ኩባንያዎችን ስታወዳድሩ በሁለቱም ላይ አንድ ዓይነት አድርጉ። መግለጫው ላይ ከረንት ተብሎ የተጻፈውን እንዳለ መውሰድ ይሻላል ባይ ነኝ።

ምልክት፦ ቁጥሩ ጭራሽ አልተገኘም

ሪተርን ኦን ኢንቨስትመንትን ከዋናው መግለጫ ብቻ ለማውጣት አትልፉ፣ የእርጅና ቅናሽና ኪራይ ተመልሶ የሚደመርበት የራሱ ሰንጠረዥ አለው። አካላቱ እዚያ ተዘርዝረዋል።

እዚህ አገር ደግሞ ሰው ልምምድ ሲፈልግ መጀመሪያ የሚያገኘው የባንክ ዓመታዊ ሪፖርት ነው፣ ከዚያ ከረንት ሬሾ ያጣና መግለጫው የጎደለ ይመስለዋል። አልጎደለም። አይኤፍአርኤስ ባንክ ሀብትና ዕዳውን በቶሎ ወደ ጥሬ ገንዘብ በሚቀየርበት ቅደም ተከተል እንዲዘረዝር ይፈቅድለታል፣ ከረንት የሚባል ድምር ላይኖረው ይችላል። የሽያጭ ወጪም ስለሌለው ግሮስ ማርጂን አይወጣለትም። ለባንክ የወለድ ገቢና ወጪን ወይም ብድርን ከተቀማጭ ጋር ያነጻጽሩበት። ከረንት ሬሾና ግሮስ ማርጂን ለመለማመድ አምራች ወይም ነጋዴ ድርጅት ፈልጉ።