ከፎቶ ላይ ጺም ስታጠፉ ከአገጭ ስር ያለውን ጥላ ተዉት

ድሬዳዋ ከዚራ ላይ ቀትር ላይ ፎቶ የተነሳ ሙሽራ ለመጥሪያ ካርዱ አጭር ጺሙን በፎቶሾፕ እንዳጠፋለት ጠየቀኝ። መጀመሪያ የግንባሩን ቆዳ አገጩ ላይ ለጠፍኩት። ፊቱ ፕላስቲክ መሰለ። የግንባር ቆዳ ልሙጥ ነው፤ የተላጨ አገጭ ግን ቀዳዳዎቹ ይታያሉ። ስለዚህ ከጉንጩ፣ ከጺሙ በላይ ካለው ቆዳ በ Clone Stamp ቅዱ።

ከዚያ በፊት ግን የፎቶውን ሌየር ኮፒ አድርጋችሁ በአዲሱ ላይ ስሩ፤ የመንጋጋውን ጠርዝ በ Pen Tool ከልሉና ሰሌክት አድርጉት፤ Clone Stamp ከመስመሩ እንዳያልፍ። ጺም መንጋጋን ያሰፋል። መስመሩን ከፀጉሩ ጫፍ ትንሽ ወደ ውስጥ አስገቡት፤ መነሻችሁ ከጆሮ ስር ያለው አጥንት ይሁን። ፀሐይዋ ከአገጩ ስር የጣለችውን ጥላ አትንኩ። እሱ ከጠፋ ፊትና አንገት ይቀላቀላሉ።

በመጨረሻ የአዲሱን ሌየር Opacity ወደ 85% ገደማ አውርዱት። ጺሙ የነበረበት ቦታ ጠቆር ሲል ነው የተላጨ የሚመስለው። ረጅም ጺም ከሆነ ግን ፀጉሩ አጮልቆ ይታያል፤ 100% ላይ ተዉትና ጥቁረቱን በለስላሳ ብሩሽ በስሱ ጨምሩ።